ሦስት ነጥብ ያለበት ቴሌቪዥን

ገላነሽ የልብስ ስፌት ሜትሯን ጫፍ በቴሌቪዥኑ ስክሪን ታችኛው ግራ ጥግ ላይ በአውራ ጣቷ ያዘችና እስከ ላይኛው ቀኝ ጥግ ድረስ በሰያፍ ሳበችው። ፍሬሙን አልጨመረችም፤ ጥቁሩን መስታወት ብቻ ነው የለካችው። ሠላሳ ሁለት ኢንች።

ባሏ ወንድወሰን መጻሕፍቱን ካርቶን ውስጥ እየደረደረ ቀና ብሎ አያት። "ሠላሳ ሁለት ነው ተብሎ አይደል የተገዛው? ያደገ መሰለሽ?"

"የምጽፈውን በዓይኔ አይቼ ልጻፍ ብዬ ነው።"

ወንድወሰን መምህር ነው፤ ወደ ደብረ ብርሃን ተዛውሯል። ዓርብ ጠዋት የጭነት አይሱዙው ሰፈራቸው ሐኪም ጋራ ድረስ መጥቶ ይጭናቸዋል፤ ለቴሌቪዥኑ ግን ቦታ የለውም። እስከ ሐሙስ ገዢ ካልመጣ ሸዋ በር ገበያ ያለው ነጋዴ ይወስደዋል። ነጋዴው ለማየት አይደለም የሚፈልገው፤ ፈታቶ ዕቃ ዕቃውን ሊሸጥ ነው። ይህ ነው ገላነሽን የከነከናት። ሐረር የመጡ ሰሞን ከፍራሽና ከዚህ ቴሌቪዥን በቀር ቤታቸው ውስጥ ምንም አልነበረም። ወንድወሰን ትምህርት ቤት ሲውል፣ ጎረቤት ሳትለምድ፣ በባዶው ክፍል የሰው ድምፅ ያሰማት ይኸው ቴሌቪዥን ነው። ሌላ ቤት ገብቶ ሲያወራ ይኑር እንጂ ተበትኖ እንዲቀር አልፈለገችም።

ፍላሽ ሰካችና ቀድማ የጫነቻቸውን ሥዕሎች በየተራ ከፈተች፤ ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ቀይ፣ ሙሉ አረንጓዴ፣ ሙሉ ሰማያዊ፣ በመጨረሻ ሙሉ ጥቁር። በጥቁሩ ላይ በርቶ የቀረ ነጥብ የለም። በአራቱ ቀለማት ላይ ግን፣ ታች በግራ በኩል፣ ሦስት ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። ስልኳን አንስታ ለከተማው የቴሌግራም መሸጫ ቻናል ጻፈች።

"ቴሌቪዥን፣ 32 ኢንች። ጥራቱ 1366 በ768 ነው፤ ፉል ኤችዲ አይደለም። ኤችዲኤምአይ መሰኪያ ሁለት አለው፣ አንዱ ከጎን፣ አንዱ ከጀርባ፤ ሁለቱም ይሠራሉ። ዩኤስቢ አንድ፣ ፍላሽ ያጫውታል። ሪሞቱ አብሮት የመጣው ነው፤ የድምፅ መቀነሻው ጠበቅ ተደርጎ ይጫናል፣ የባትሪ ክዳኑ ስለጠፋ በላስቲክ ታስሯል። ስክሪኑ ላይ ታች በግራ ሦስት የሞቱ ፒክስሎች አሉ። ከጤፍ ፍሬ ያንሳሉ፤ ደማቅ ነገር ላይ ይታያሉ፤ አይድኑም።"

ወንድወሰን በትከሻዋ አሻግሮ አነበበው። "ገሌ፣ ‘የሞቱ’ ብለሽ ማን ይደውልልሻል? ‘ማርያም ስማዋለች’ በይ።"

"ማርያም ሥራ አጥታለች።"

"እሺ፣ ዝም በይ። መጥቶ ያየዋል።"

"ያላየ እንደሆነስ? ቤቱ ወስዶ ሰካና አየ። ከዚያ ስሜን ምን ብሎ ያነሳዋል?"

"ስምሽን ደብረ ብርሃን ድረስ ተከትሎ አይመጣ።"

ገላነሽ እንደጻፈችው ለጠፈችው።

በማግሥቱ ሁለት ሰዎች ደወሉ። አንደኛው፣ "ሞቱ ያልሽው፣ ወደ ሌላው ይዛመታል?" አለ። እንደማይዛመት፣ እነዚህ ሦስቱም ከመጡ ጀምሮ እንዳልበዙ ነገረችው። "ይሁን፣ የሞተ ነገር ቤቴ አላስገባም" ብሎ ዘጋው። ሁለተኛው ፉል ኤችዲ ፈላጊ ነበር። ወንድወሰን "አላልኩሽም?" አላለም፤ ካርቶኑን በማሸጊያ ፕላስተር ሲጠቀልል ግን ፕላስተሩ ከወትሮው የበለጠ ጮኸባት።

ረቡዕ ከሰዓት አብዱልፈታ የሚባል የጀጎል ሰው ደወለ። የሐረር ሰው አንቱታ አያበዛም፤ እሱም ከሰላምታው ጀምሮ እንደ እህቱ አዋራት።

"ስሚኝ እህቴ፣ ሦስት ነጥብ አለው ብለሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"ከጤፍ ያነሰውን ካልደበቅሽ ትልቁን አትደብቂኝም ብዬ ነው። ለእናቴ ነው። ቤታችን የድሮ ቤት ነው፤ ግድግዳው አይበሳም። እዚያው ግድግዳው ውስጥ የተሠራ የዕቃ ማስቀመጫ አለ፣ ስፋቱ ሰባ ስድስት ሳንቲ ሜትር። ሠላሳ ሁለት ኢንች ሰማንያ አንድ ሳንቲ ነው አሉኝ። ስለዚህ አይገባም። ሃያ አራት ኢንች ታውቂልኝ እንደሆን ልጠይቅሽ ነው።"

ገላነሽ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል አጣብቃ ሜትሯን ፈለገች። "አንድ ጊዜ። ሰማንያ አንዱ ከጥግ ወደ ጥግ ነው፣ የጎን ስፋቱ አይደለም።" ሜትሯን በሳንቲ ሜትሩ ፊት ገልብጣ ከፍሬም እስከ ፍሬም ለካች። "ፍሬሙን ጨምሮ ሰባ ሦስት።"

"ሰባ ሦስት? ስንት ቴሌቪዥን ነው እንዲሁ የተውኩት?"

"ቆይ፣ አትቸኩል። ቁመቱ ከነእግሩ አርባ ስምንት ነው። እግሮቹ ጎንና ጎን ናቸው፣ መሬቱ እኩል ይሁን። የጎኑ መሰኪያ ከጠርዙ ገባ ብሎ ከኋላ ስለሆነ ገመዱ ግድግዳውን አይነካም። የጀርባው ግን ከኋላ ክፍተት ይፈልጋል።"

"ጥልቀት ሞልቷል። ቁመቱም ይበቃል።"

"እንግዲያው ይገባል።"

ሐሙስ ጠዋት ባልና ሚስት ቴሌቪዥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልለው በባጃጅ ወረዱ። ባጃጁ መግባት ከማይችልበት ጀምሮ ወንድወሰንና አብዱልፈታ በጠባቡ መንገድ ተሸከሙት፤ ገላነሽ ሪሞቱን ይዛ ተከተለች። የአብዱልፈታ እናት፣ እማማ ሶፍያ፣ ሰሞኑን በቀይ አፈር ያስቀቡት መደብ ላይ ተቀምጠው ጠበቋቸው። ግድግዳው ላይ ሳህኖቹ በየረድፋቸው ተሰቅለዋል።

ቴሌቪዥኑ ማስቀመጫው ውስጥ ገባ። በግራም በቀኝም ጣት የሚያህል ክፍተት ተረፈው። አብዱልፈታ ሳቀ፤ ወንድወሰን ላቡን ጠረገ። ገላነሽ የቤቱን የዲሽ ሪሲቨር ከጎኑ መሰኪያ ጋር አገናኘች፤ ከዚያ ፍላሹን ሰክታ ነጩን ሥዕል ከፈተች። "ነጥቦቹን አስቀድመው ይዩዋቸው፣ እማማ።"

እማማ ሶፍያ ተነስተው መነጽራቸውን አስተካከሉና ጎንበስ አሉ። ረጅም ጊዜ አዩ።

"አራት ናቸው" አሉ።

ገላነሽ ፊቷ ጋለ። ወንድወሰን ወደ መሬት አየ። አብዱልፈታም ቀርቦ ቆጠረ፤ አዎ፣ አራት። ሰኞ ማታ ሦስት ነበሩ። በመንገድ ተነካክቶ ይሆን? አይዛመትም ብላ የነገረችው ሰውዬ ትዝ አላት።

"እኔ ያየሁት ሦስት ነው" አለች በቀስታ። "አራት ከሆኑ ቃሌ ጎድሏል። ካልፈለጋችሁት መልሰን እንወስደዋለን።"

"የት ትወስጂዋለሽ?" አሉ እማማ ሶፍያ።

"ሸዋ በር። ለሚፈታው።"

ይህን ስትል በነጠላዋ ጫፍ ስክሪኑን ቀለል አድርጋ ዳሰሰች፤ መሰነባበቷ ነበር እንጂ ምንም አስባ አልነበረም። ነጠላዋን ስታነሳ ሦስቱ ከቦታቸው አሉ። አራተኛው የለም። የነጠላውን ጥለት ቀይ አፈር ነክቶታል።

አብዱልፈታ ወደ መደቡ፣ ከዚያ ወደ ገዛ እጁ አየ። ጣቶቹ በቀይ አፈር ቀልተዋል። "እኔ ነኝ እንዴ የጨመርኩት?"

"ሦስቱ የሷ ናቸው" አሉ እማማ ሶፍያ ወደ ቦታቸው እየተመለሱ። "አራተኛዋ የኛ ናት። በይ ልጄ፣ ዜናውን ክፈቺልኝ።"

ገላነሽ ዜናውን ከፍታ ሪሞቱን ሰጠቻቸው። በቴሌቪዥኑ ታች በቀኝ በኩል፣ የሪሞቱን ምልክት ከምትቀበለው ትንሽ ዓይን ፊት፣ ዕቃ እንዳያስቀምጡ አሳየቻቸው፤ ድምፅ ለመቀነስም ጠበቅ አድርገው እንዲጫኑ። እሳቸው ሞከሩት። "ድምፅ መቀነስ ምን ያደርግልኛል?" ብለው ጨመሩት።

ወደ ውጭ ሲወጡ የዜናው ድምፅ እስከ በሩ ሸኛቸው። ወንድወሰን ጥቂት ከሄዱ በኋላ፣ "ማርያም ስማዋለች ብትዪ ኖሮ ቤታቸው አያስገቡንም ነበር" አለ።

"ያስገቡን ነበር። ግን ይስቁብን ነበር።"

ማታ ባዶው ግድግዳ ሥር ቁጭ ብላ ቻናሉን ከፈተች። ከጽሑፏ ላይ ምንም አላጠፋችም፤ ከላዩ "ተሽጧል" ብላ ጨመረችና ስልኩን አስቀመጠች። ሜትሯን ጠቅልላ በመርፌዎቹ አጠገብ የመጨረሻው ካርቶን ውስጥ ከተተችና ክዳኑን ገጠመችው።