ሃያው ነጥብ

እኔ በነጥብ ሰው አስደስቼ አላውቅም። ተማሪዎቼ ከኋላዬ «ሲስተር ቁጠባ» እንደሚሉኝ ሰምቻለሁ፤ ይበሉ። ኩዌት፣ ሳልሚያ ውስጥ በአንድ የግል ሆስፒታል በነርስነት አሥራ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። በዕረፍት ቀኔ ደግሞ አዲስ አበባ ላለ አንድ ኮሌጅ የርቀት ተማሪዎችን ጽሑፍ አርማለሁ። ተማሪው አንድ ያየውን ታማሚ ይመርጣል፣ ምልክቱን ይዘረዝራል፣ ከምልክቱ ወደ በሽታው የሄደበትን መንገድ ያሳያል። ከመቶው ሃያው ነጥብ ግን «ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል?» ለሚለው ጥያቄ ነው። እዚያ ላይ ዜሮ ያገኘ ጽሑፍ፣ ሌላው ሁሉ ቢያምር እንኳ፣ ተመልሶ እንደገና ይጻፋል።

ኮሮና አንድ ዓመት ሊሞላው ሲል ነው፤ ቀኑ ዓርብ፣ ረፋድ ላይ። ሻዬን ይዤ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ጽሑፎቹ ስም የላቸውም፣ ቁጥር ብቻ። ነገር ግን ከኩዌት የሚማረው ሰው አንድ ብቻ ስለሆነ ቁጥሩ ማንንም አይሸፍንም። ሄራን ናት፤ ኸይጣን ሰፈር በአንዲት ትንሽ ክሊኒክ የምትሠራ የደሴ ልጅ። እየጎተጎትኩ ያስመዘገብኳትም እኔው ነኝ።

ታማሚዋ የሃያ ሰባት ዓመት ሴት፣ ጃብሪያ ሰፈር የቤት ሠራተኛ። አምስት ሳምንት የቆየ ሳል። ወደ ማታ የሚመጣ ትኩሳት። ትራስ የሚያርስ ላብ። ሰባት ኪሎ ቀንሳለች። የአሠሪዎቿ ቤተሰብ ከሁለት ወር በፊት ኮሮና ይዞት ነበር። የኮሮና ምርመራው፣ ፒሲአር፣ ሦስት ጊዜ ተደርጎላት ሦስቱንም ጊዜ ነጻ ናት ተብላለች።

ከዚያ ሄራን ክርክሯን ጀመረች፤ እውነቱን ልናገር፣ አጻጻፏ ያስቀናል። ፒሲአር ናሙናው ዘግይቶ ከተወሰደ ሊያመልጠው እንደሚችል፣ የኮሮና ሳልና ድካም ቫይረሱ ከለቀቀ በኋላም ሊቆይ እንደሚችል፣ አንዱን ከአንዱ እያያዘች ሄደች። የክሊኒኩ ሐኪም ሌቮፍሎክሳሲን የሚባል አንቲባዮቲክ አዞላት ዐሥር ቀን ስትወስድ ትንሽ ተሽሏት እንደነበር፣ ከዚያ እንደተመለሰባት ጻፈች። ራጁ ላይ በቀኝ ሳንባ ላይኛው ክፍል ጥላ ታይቷል፤ «ከኮሮና ጋር የሚሄድ» አለችው። መጨረሻ ላይ አንድ ማስረጃ ጨመረች፦ ታማሚዋ የምታሳድገው፣ አብሯት አንድ ክፍል የሚተኛው የአራት ዓመት ልጅም ሰሞኑን ማሳል ጀምሯል፤ ይህ ቫይረሱ አሁንም ቤቱ ውስጥ እንዳለ ያሳያል። ድምዳሜ፦ ኮሮናና ያስከተለው ችግር።

«ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል?» በሚለው ርዕስ ሥር አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «ምልክቶቹ ግልጽ ስለሆኑ ሌላ አልታሰበም።»

ለክርክሩ ከሠላሳ ሃያ ስድስት ሰጠሁ። ለባዶው ዜሮ። እያጉረመረምኩ ኅዳጉ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። «መንገድሽ ቀጥ ያለ ነው፤ ያየሽው ግን አንድ መንገድ ብቻ ነው። አምስት ሳምንት የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ የክብደት መቀነስ፣ የላይኛው ሳንባ ጥላ። የኮሮና ጥላ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ሳንባ፣ ከታችና ከዳር ነው የሚይዘው። ሌቮፍሎክሳሲን ደግሞ ቲቢን ለጥቂት ጊዜ አለዝቦ ሊደብቅ ይችላል። አክታ ለምን አልተመረመረም? የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እንኳ...»

እዚህ ላይ እጄ ቆመ።

ሄራን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ አይደለችም። ኩዌት ከመምጣቷ በፊት ደሴ ውስጥ በቲቢ ክፍል ሦስት ዓመት ሠርታለች። የድጋፍ ደብዳቤዋን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ «በቲቢ ሕክምና የካበተ ልምድ» ብዬ። ይህቺ ልጅ ቲቢን በሳሉ ድምፅ ብቻ የምትጠረጥር ናት። ረስታው ሊሆን አይችልም። ሻዬ ቀዘቀዘ፣ እኔም አብሬ ቀዘቀዝኩ።

ደወልኩላት።

«ሲስተር ብዙነሽ! እንዴት አደርሽ? አየሽው እንዴ?»

«አየሁት። ታማሚዋ ማናት?»

«ስም እኮ አይጻፍም፣ ሲስተር።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔን አታሞኚኝ። የቲቢ ክፍል ሠራተኛ ቲቢ የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ እንኳ ሳትጽፍ አምስት ገጽ ትጨርሳለች?»

ማልቀስ ጀመረች፤ አፏን በእጇ አፍና ነው መሰለኝ።

«ኑሪያ ናት» አለች። «የሰፈሬ ልጅ፣ የገራዶ። ገና ስታስል ነው ያወቅኩት። አክታ እንስጥ ስላት እግሬ ላይ ወደቀች። 'ቲቢ ካሉኝ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማዬን ሰርዘው ወደ አገሬ ይሸኙኛል፣ ወላሂ እንዳትናገሪ። ኮሮና በይኝ። ኮሮና የሁሉም ሰው በሽታ ነው፣ ማንንም አያሳፍርም' አለችኝ። ሐኪሙም ኮሮና ነው አለ፤ እኔም ዝም አልኩ።»

«ታዲያ ለምን ጻፍሽው? ሌላ ታማሚ አጣሽ?»

«እንጃ፣ ሲስተር። በጽሑፍ ሳየው እውነት የሚሆን መሰለኝ። ኮሮና መሆኑን ለራሴ ላሳምን ፈልጌ ነው መሰለኝ። አሳምኜም ነበር እኮ! አንቺ እስክትደውዪ ድረስ...»

ተናደድኩባት፤ ግን ደግሞ አዘንኩላት። ይሄ አገር ለእኛ ሰው በሽታውን ብቻ አይሰጠውም፣ ወረቀቱንም አብሮ ያሳምመዋል። ቲቢ የተገኘበት ይታከማል፣ ከዚያ ይሸኛል ተብሎ ሲወራ ሁላችንም ሰምተናል። እውነቱን ማን ጠይቆ ያውቃል? ፍርሃቱ ግን እውነት ነው። እኔ ራሴ አንድ ሰሞን ስድስት ኪሎ ስቀንስ፣ ቲቢ ይዟታል እንዳይሉኝ የስንቱን ሰው ዓይን ሸሽቻለሁ።

«ስሚኝ» አልኳት። «ጽሑፍሽን ክፈቺ። አራተኛው ገጽ፣ የመጨረሻው አንቀጽ። አንብቢልኝ።»

«የትኛው?»

«የልጁን።»

አነበበችው። «ታማሚዋ የምታሳድገው፣ አብሯት አንድ ክፍል የሚተኛው የአራት ዓመት ልጅም ሰሞኑን ማሳል...» ጨርሳ ሳታነበው ቆመች።

«ማስረጃ አድርገሽ የጻፍሽው ልጅ ነው» አልኳት። «ሌላ በሽታ አስበሽ ቢሆን ኖሮ ያ ሳል ምን ትርጉም ይኖረው ነበር?»

«ወይኔ!» አለች። «ወይኔ ሲስተር፣ ሕፃኑ አናስ!»

«እስከ ነገ ማታ ነው የምጠብቀው። ኑሪያ ራሷ ወደ ሆስፒታላችን ትምጣ፤ አብሬያት እገባለሁ፣ የማውቃቸው ሰዎች አሉ። ካልመጣች ግን ለአሠሪዎቿ እኔው እነግራቸዋለሁ። እንድትጠዪኝ ፈቅጄልሻለሁ።»

ስልኩን ዘጋሁ። ጨካኝ ነኝ እንዴ? በቀላሉ ዜሮዬን ሰጥቼ ጽሑፉን መመለስ እችል ነበር። ነጥብ የመስጠት ሥራዬ እዚያ ላይ ያበቃል። ቀኑን ሙሉ ሌላ ጽሑፍ ከፍቼ አንድ መስመር አላረምኩም።

ኑሪያን ማስገደድ አላስፈለገም። ሄራን እንደነገረችኝ፣ ስለ ኢቃማዋ አንድ ሰዓት ስትከራከር ቆይታ፣ የልጁ ስም ሲነሳ ክርክሯን አቆመች። «አናስዬ?» ብላ ብቻ ጠየቀች፤ ከዚያ ተነሥታ አባያዋን ለበሰች። በማግሥቱ ጠዋት ከሆስፒታሉ በር ላይ አገኘኋት። ማስክ ሁለት ደርባ፣ ከሰው ሁሉ ርቃ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ጉንጯ ጠፍቷል። ሰላም ልላት ስጠጋ እጇን አንሥታ «እዚያው ሁኚ፣ እትዬ» አለችኝ።

አክታዋ ላይ ባክቴሪያው ተገኘ። ተኛች፣ መድኃኒት ጀመረች። የቤቱ ሰው ሁሉ ተመረመረ፤ አሠሪዋ ማዳም፣ ባለቤቷ፣ ሾፌሩ፣ ወጥ ቤቷ፣ ሁሉም ደህና። አናስ ክንዱ ላይ የተወጋው የቲቢ መመርመሪያ መርፌ ግን አበጠ፤ ባክቴሪያው ገብቶበታል ማለት ነው። ራጁ ንጹህ ስለነበር በሽታው ገና አልያዘውም፤ ተኝቶ ያለው ባክቴሪያ እንዳይነሣ ግን ለወራት የሚወሰድ መድኃኒት ተሰጠው። ሳሉ ለብቻው የመጣ ጉንፋን ሊሆን ይችላል ተባለ። ማዳም የኑሪያን ልብሶች በሁለት ጥቁር ፌስታል አድርጋ በሾፌሩ ላከች። ውስጡ የአናስ ሥዕል ነበረበት፤ ሳታየው ይሁን አውቃ፣ እንጃ። ስለ ኢቃማዋ እስካሁን ማንም መልስ አልሰጠንም።

ሄራን ጽሑፉን እንደገና ላከች። ያ ባዶ ቦታ አሁን ሁለት ገጽ ሆኗል። ቲቢን አስቀደመች፣ የሚደግፈውንና የሚቃወመውን ጻፈች፤ የሳንባ ምችን፣ ካንሰርን፣ ኮሮናን ራሱን በየተራ መዘነች። ሐኪሙ ያመለጠውን፣ እሷም እያወቀች የተወችውን ሳትደብቅ አስቀመጠችው። ሃያ ከሃያ ሰጠኋት። ሙሉ ነጥብ ስሰጥ የመጀመሪያዬ ነው። ደስ አላለኝም።

በሳምንቱ ኑሪያ ከሆስፒታል ደወለችልኝ። የምትሰድበኝ መስሎኝ ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩ፤ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

«እትዬ ብዙነሽ» አለችኝ። «ምግቡ ይበላልኛል አሁን። ላቡም ቀንሷል፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ተመስገን። መድኃኒትሽን እንዳታቋርጪ።»

«አላቋርጥም።» ትንሽ አሳላት፤ ጠበቅኳት። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አናስ... ክንዱ ላይ የወጣው። ከእኔ ነው አይደል?»

መልሴን ሳትጠብቅ ቀጠለች።

«ሌላ ሊሆን አይችልም?» አለች። «ከሌላ ሰው? እንግዳ ይበዛል እኮ ያ ቤት። መስጂድም ይወስደዋል አባቱ። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ እውነቱን ንገሪኝ።»

የቤቱ ሰው ሁሉ ንጹህ መሆኑን አውቃለሁ። አንድ ክፍል፣ አምስት ሳምንት። ለክርክሩ ከሠላሳ ሠላሳ የሚያሰጥ ነው። ለሄራን ዜሮ የሰጠኋት ግን ለዚህችው ጥያቄ ነበር።

«ሊሆን ይችላል፣ ኑሪያዬ» አልኳት።

«ወላሂ?»

«ይችላል» አልኩ። በረጅሙ ተነፈሰች፤ ከዚያ የአናስ መድኃኒት ይመር እንደሆነና ማን እንደሚያስውጠው ጠየቀችኝ።