አንድ ማሽን፣ ሁለት አለቃ

«እንደመሰለሽ አድርጊ» የሚለውን ቃል እጠላዋለሁ። ስምንት ዓመት ሆዴ ውስጥ ተቀምጧል።

ያኔ የሆቴሉ ሦስተኛ ፎቅ በእኔ እጅ ነበር። አንዱ ኃላፊ የጥጉን ክፍል ለእንግዳ አዘጋጂ አለኝ፤ ሌላው ቀለም ሊቀባ ነውና እንዳትነኪው አለኝ። የማንን ልስማ ብዬ ብጠይቅ «እንደመሰለሽ አድርጊ» ተባልኩ። አዘጋጀሁት። ቀለም ቀቢው ሲገባ እንግዳው በፎጣ ብቻ ቆሞ ነበር። ሁለቱም ኃላፊዎች አላዘዝንም ብለው ካዱ። እኔ ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ወረድኩ። ይኸው እዚያው ነኝ።

እታች ደግሞ አንድ ደንብ አለ፤ ማንም አላወጣውም፣ ሁሉም ያውቀዋል። መጨረሻ የተናገረው ያሸንፋል። ጠዋት አንዱ ያዛል፣ ረፋድ ላይ ሌላው ይሽራል፣ ማታ የምትሰደበው አጣቢዋ ናት። በዚህ ምክንያት ሁለት ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። ሦስተኛው በር ያሳያል። ልጄ ደግሞ ትምህርቷን አልጨረሰችም።

ሰኞ ጠዋት ከሁለቱ ማሽኖች አንዱ ብቻ ነበር የሚሠራው። የመኝታ ክፍሎች ኃላፊዋ፣ የእኔ የቅርብ አለቃ፣ ወረደችና «ከሰዓት በኋላ የሚገቡ ብዙ እንግዶች አሉ፤ መጀመሪያ አንሶላ» አለችኝ። እሺ ብዬ አንሶላውን ማሽኑ ውስጥ ጠቀጠቅኩ፣ ሳሙናውን ሞላሁ።

ገና ቁልፉን ሳልነካው የምግብ ቤቱ ኃላፊ ደረጃውን በሩጫ ወረደ። ዋናው ሥራ አስኪያጅ ስለሌለ ሳምንቱን እሱ ነበር የተወከለው። ውክልናው ከክራቫቱ ቀድሞ ይታይበታል።

«አውጪው። የምሳ ስብሰባ አለ፤ የጠረጴዛ ልብሶቹ ይቅደሙ።»

«አንሶላ ታዝዣለሁ።»

«ዛሬ የማዝዘው እኔ ነኝ።»

«አንድ ላይ ልክተታቸው እንዳልል የእርስዎ ጨርቅ ቀይ ነው፣ ቀለሙ ይለቃል። እንግዳው ሁሉ ጽጌረዳ ላይ ሊተኛ ነው።»

ሬዲዮ ከማጣጠፊያው ጠረጴዛ ኋላ ሳቀች። ጓደኛዬ ናት፤ አፏ ስለማይዘጋ ነው ሬዲዮ የምንላት። ጠጋ ብላ «አውጪው፣ እህቴ» አለችኝ በሹክሹክታ። «መጨረሻ የመጣው እሱ ነው። ምን አለፋሽ?»

እጄ ወደ ማሽኑ በር ሄደ። እውነቱን ልናገር፣ ላወጣው ነበር። ከዚያ ያ የጥጉ ክፍል ትዝ አለኝ። ላውጣውና ማታ አልጋዎቹ ያለ አንሶላ ይቀራሉ፤ አለቃዬ «ማን አለሽ?» ትላለች፤ እሱ «እኔ እንደዚያ አልወጣኝም» ይላል። ዞሮ ዞሮ ከሁለት ያጣ ጎመን እኔው ነኝ።

የግድግዳውን ስልክ አነሳሁና አለቃዬን ጠራኋት።

«የምግብ ቤቱ ኃላፊ እዚህ ቆመዋል። አንሶላውን አውጪ እያሉኝ ነው። ምን ላድርግ?»

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እንግዲህ... እሱ ተወክሏል። አንቺ እንደመሰለሽ አድርጊ» አለችኝ።

ያው ቃል፣ ከስምንት ዓመት በኋላ።

የድምፅ ማጉያውን ቁልፍ ተጫንኩና እጀታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። «አሁን ሁላችንም እንሰማማለን» አልኩ። «ይንገሯት፣ ጌታዬ። ለእኔ ያሉኝን ለእሷ ይበሉ።»

አንዴ ስልኩን፣ አንዴ እኔን አየ። «ከእሷ ጋር ምን አገናኘኝ? ያዘዝኩት አንቺን ነው።»

«እሱን ነው የምልዎት። እርስ በርስ መተያየት ስለምትፈሩ ሁለታችሁም እኔን ታዛላችሁ።»

ሬዲዮ ማጣጠፉን ትታ ጠጋ አለች።

«ማስጠንቀቂያ ይጻፍብሻል።»

«ይጻፍ። ሥራዬን የምትሰጠኝ እሷ ናት፤ ያዘዘችኝም እሷ ናት። አንሶላ ብላለች፣ አንሶላ ነው። ትእዛዟን ከሻረች በራሷ አፍ ትሻረው፣ እርስዎ እየሰሙ። እንደመሰለኝ የማደርገው ቤቴ ስገባ ነው።»

የአለቃዬ ድምፅ ከስልኩ መጣ። «አልሻርኩም» አለች። «አንሶላ ነው ያልኩት። ጠረጴዛ ያለ ልብስም ይበላበታል።»

«ምን?» አለ እሱ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ። «ስብሰባው የማን መሰለሽ?»

«ማሽኑ ከተበላሸ ስንት ጊዜ ነገርኩህ? አንተ አይደለህ ጥገናውን ያዘገየኸው?»

ተያያዙ። እኔን ረሱኝ። ማስጠንቀቂያው ይምጣ አይምጣ ገና አላወቅሁም፤ ከመጣ ሁለቱም ያሉትን ሬዲዮ ሰምታለች፣ የሬዲዮ ወሬ ደግሞ ሰባት ፎቅ ይወጣል።

የማሽኑን በር ገፋ አድርጌ ዘጋሁትና ቁልፉን ተጫንኩ። ውሃው መግባት ጀመረ።