የማይጠፋው የግርጌ ጽሑፍ

ሳቢራ ድንበሩን ተሻግራ የሀምዳንን የቪዲዮ ስቱዲዮ በር ገፍታ ስትገባ የሰርጓን ዲቪዲ በሻሽ ጠቅልላ ይዛ ነበር። ካገባች ገና ሁለተኛ ወሯ ነው።

«ሀምዳን ወንድሜ፣ ይህን ጽሑፍ አጥፋልኝ» አለችው፣ ሰላምታውን እንኳ ሳታደርስ።

«የቱን?»

«ሁሉንም። አማቴ ካየችው ወዲህ ከእኔ ጋር እህል አትቀምስም።»

ሀምዳን ዲስኩን ኮምፒውተሩ ውስጥ ከተተው። የሳቢራ አክስት ሀላቄ በሴቶች መካከል ቆማ በኦሮምኛ ትዘፍናለች፤ ከታች የሀምዳን አማርኛ በቢጫ ፊደል ይሄዳል። «ሙሽራው በበራችን ሲገባ ጎንበስ አላለም፤ ምን በወጣው፣ ቁመቱ መቼ ደረሰና! እናቱ ሻይ አፍልታ ቅጠሉን ለነገ ታደርቃለች።»

በሰርግ ዕለት የሙሽሪት ሴቶች የሙሽራውን ወገን እንዲህ እየሞለጩ ይቀበላሉ። ስድቡ ጨዋታ ነው፤ አቧራው ሳይሰክን ይረሳል። የሙሽራው እናት ረምዚያ ከድንበሩ ማዶ፣ ከኢትዮጵያው ሞያሌ፣ በንግድ የታወቀች ሴት ናት። ኦሮምኛ የምትሰማው ለገበያ ያህል ስለሆነ በዕለቱ አጨብጭባ ስቃ ነበር። በሳሎኗ፣ በእንግዶቿ ፊት፣ በፊደል ስታነበው ግን ሌላ ሆነ።

ሀምዳን በትርጉሙ ኮርቶ ነበር። አንዲት ቃል አላጎደለም፤ እያንዳንዱን መስመር ከዘፋኟ ከንፈር ጋር አስተካክሎ አስገብቷል። አሁን ያ ጥንቃቄው ፊቱን አጋለው።

«ያኔ ለምኜህ ነበር» አለች ሳቢራ። «ሲፈለግ የሚበራ፣ ሲፈለግ የሚጠፋ አድርገው ብዬህ ነበር። በቤት ማጫወቻ አይሆንም አልከኝ።»

ብሎ ነበር። እንደሚሆንም ያውቅ ነበር። እውነት ነው፣ ጽሑፉን በተራ ፋይል ከፊልሙ ጎን ቢያስቀምጠው የቻይና ማጫወቻዎች የግዕዙን ፊደል አያውቁትም፤ ባዶ ሳጥን ይደረድራሉ። ነገር ግን እያንዳንዱን መስመር እንደ ትንሽ ሥዕል አዘጋጅቶ ዲስኩ ላይ ለብቻው ማስቀመጥ ይቻላል። ማጫወቻው ሥዕሉን ከፊልሙ ላይ ይደርበዋል፤ ባለቤቱ ሲያሻው ያነሳዋል። ሥራው አሰልቺ ነው። ሀምዳን ጽሑፉን እዚያው ከምስሉ ጋር አትሞ መገላገልን መረጠ። ለሳቢራ ግን «መረጥኩ» አላላትም፤ «አይቻልም» አላት።

«እኔም ለአማቴ የነገርኳት ያንኑ ነው» ቀጠለች። «የማሽኑ ጠባይ ነው፣ እማማ፣ ሀምዳን ሙያውን ያውቃል አልኳት። በማግስቱ የህንድ ፊልም ከፍታ፣ ሪሞቱን ተጫነችና ጽሑፉን ድርግም አደረገችው። 'ይኸው፣ የህንዱ ይጠፋል፤ ያንቺ ዘመዶች ስድብ ብቻ ነው የማይጠፋው?' አለችኝ። ስድቡንስ ትረሳዋለች። ውሸታም መሆኔን ነው የማትረሳው።»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የሀምዳን ውሸት ግን ከእሱ ወርዶ በሷ ጫንቃ ላይ ከብዶ ነበር።

«ዋናውን ቅጂ አውጣና እንደገና ሥራው» አለችው።

«የለም። ሰርግሽን በቀረጽኩባቸው ካሴቶች ላይ ሶሎሎ ከተማ የነበረ ሌላ ሰርግ ቀድቻለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ የነበረውንም ቦታ ስለሚይዝ አጥፍቼዋለሁ።»

«ከላዩ ጥቁር ነገር ብትለጥፍበትስ?»

ሞከረው። ጥቁሩ መስመር ፊደሎቹን ሲሸፍን ምንጣፉ ላይ የተቀመጡትን ሴቶች ፊትም አብሮ ዋጠ። ሳቢራ ወደ ማያው ጎንበስ ብላ አየች።

«አያቴን ዶቃታን ሸፈንካት» አለች። «ተወው።» ዲስኩን ተቀብላው በሩ ላይ ቆመች። «እኔ ብነግራት አታምነኝም። ና፣ አንተ ንገራት።»

ሀምዳን የሚሰጠውን ሰበብ ፈለገ፤ የሚያስቀር አላገኘም። ስቱዲዮውን ቆልፎ ተከተላት። ድንበሩን አልፈው ረምዚያ ቤት ደረሱ።

ረምዚያ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ነበር። ሰላምታውን በአገጯ ተቀበለችና ዲስኩን ራሷ አስገባች። የሀላቄ ዘፈን ሳሎኑን ሞላው። ሪሞቱን ለሀምዳን ዘረጋችለት።

«በል አንተ ባለሙያ፣ አጥፋው።»

እንደማይጠፋ እያወቀ ተጫነ። በማያው ጥግ ትንሽ የክልከላ ምልክት ብልጭ ብላ ሄደች። ቢጫው ፊደል አልተነቃነቀም።

«አይጠፋም» አለ ሀምዳን። «ከምስሉ ጋር ያተምኩት እኔ ነኝ። የሚጠፋ አድርጎ መሥራት ይቻል ነበር። ሳቢራም ጠይቃኝ ነበር። ሥራውን ጠልቼ አይቻልም አልኳት፤ እሷ አምናኝ ነው ለእርስዎ የነገረችዎት።»

ረምዚያ እሱን አላየችውም። በሩ ሥር የቆመችውን ምራቷን አየች።

«ምን አስቆመሽ?» አለቻት። «ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ።»

ሳቢራ ሄዳ ተቀመጠች። ለሀምዳን ተቀመጥ ያለው አልነበረም። ሪሞቱን እንደያዘ፣ በገዛ እጁ የጻፈው መስመር በመስመር ከፊቱ ሲያልፍ፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ ቆመ።