በስልክ የሰጠሁት ግማሽ ቤት

እኔ አናጺ ነኝ፤ አፌ ግን ከመጋዜ ይብሳል። ሚስቴም ይኼንኑ ትላለች፣ አልከራከራትም።

አምና አንድ ባለ ሕንጻ አሥራ ሁለት በር በስልክ መልእክት አዘዘኝ። ልኬቱን ላከ፣ ዋጋዬን ላክሁለት፣ «ተስማምቻለሁ፣ ጀምር» ብሎ ጻፈ። በሮቹ ካለቁ በኋላ «የፈረምነው ወረቀት የታለ?» ብሎ ዓይኑን በጨው አጥቦ ካደኝ። ጠበቃ ያዝኩ። ዳኛው መልእክቶቹን አነበቡ፤ ለበር ሥራ ሕጉ የተለየ ወረቀት አይጠይቅም፣ ስልኩም የሱ መሆኑን ራሱ አምኗል ብለው ፈረዱልኝ። ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ «ቻት ውል ነው» እያልኩ አደነቆርኩት። ሰፈሩም «አቶ ቻት» የሚል ስም አወጣልኝ።

እናታችን ያረፈችው በዚያው ሰሞን ነው። ሦስት ዓመት የአልጋ ቁራኛ ስትሆን ያገላበጠቻት፣ ያጠበቻት ታናሽ እህቴ ናት። እኔ በሳምንት አንድ ቀን ብርቱካን ይዤ ብቅ የምል እንግዳ ነበርኩ። ቤቱን እኩል ወረስን። ሐዘኑ ገና ሳይበርድልኝ «ድርሻዬን ሰጥቼሻለሁ፣ ቤቱ ያንቺ ነው» ብዬ በስልክ ጻፍኩላት። ከልቤ ነበር።

«ወረቀት እናሠራ እንዴ ጋሼ?» አለችኝ በማግስቱ።

ደሜ ፈላ። «አሥራ ሁለት በር ያሸነፈ ቻት አንድ ቤት ያቅተዋል? ወንድምሽን አታምኚም?» አልኳት። ሁለተኛ አላነሳችውም።

ዘንድሮ የሥራ ቤቴ ሊፈርስ ሆነ፤ አከራዬ አንድ ወር ሰጠኝ። ማሽኖቼን የት ላግባ? ሁለት ሠራተኞቼን ምን ልበላቸው? እንቅልፍ አጣሁ። የእናቴ ሳሎን ግን ሰፊ ነው፣ ከነበረንዳው ለአናጺ ልክ ነው። ችግሩ እህቴ ሕፃናት መዋያ አድርጋዋለች፤ እንጀራዋ እሱ ነው። የሰፈሩ እናቶች ጠዋት ስምንት ልጅ ያስረክቧትና ማታ ይወስዳሉ።

ማንም ሳያየኝ ወደዚያችው ጠበቃ ቢሮ ወጣሁ።

«ቻት ውል አይደለም በሉኝ» አልኳት።

ሳቀች። «አምና ውል ነው በሉልኝ ብለውኝ አልነበረም?»

ስልኬን ተቀብላ ሁለቴ አነበበችው። «በሩ ሌላ፣ ቤቱ ሌላ» አለችኝ። «ቤት በስጦታም ይሁን በሽያጭ ሲተላለፍ ሕጉ በጽሑፍ ይሁን ይላል። ሰነድ የሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤት ቀርበው፣ ምስክር ባለበት መፈረም አለብዎት።»

«በእሷ ስልክ ላይ በጣቴ ፈርሜ ቢሆንስ?»

«ኤሌክትሮኒክ ፊርማ ለብዙ ውል ይሠራል። የእኛ ሕግ ግን ቤትን ለይቶ አስቀርቶታል። ይኼ መልእክት ያሰቡትን ያሳያል እንጂ ድርሻዎን አያስተላልፍም። ግማሹ ቤት ዛሬም የእርስዎ ነው።»

ለመናገር ያሳፍረኛል፣ ደረጃውን እያፏጨሁ ወረድኩ።

በቀጥታ እህቴ ዘንድ ሄድኩ። ሕፃናቱ ሳሎኑ ውስጥ ፍራሽ በፍራሽ ሆነው ተኝተዋል። በረንዳው ላይ አስቀምጣኝ አንዲቱን በትከሻዋ እሹሩሩ ትላለች። የቸገረኝንም፣ ጠበቃዋ ያለችኝንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት።

«አውቃለሁ» አለች በሹክሹክታ።

«ምኑን?»

«መልእክቱ እንደማይሠራ። የቤቱን ግብር ልከፍል ወረዳ ሄጄ ስሙን ወደኔ አዙሩት ብዬ ስልኬን አሳየኋቸው። ጸሐፊዋ አስረዳችኝ። ስምንት ወር አለፈው።»

«ስምንት ወር ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ወረቀት ስልህ አልተቆጣኸኝም? ደግሞ ጋሼ፣ ያለ ወረቀትም አትወስድብኝም ብዬ ነው» አለች። ልጅቷን በሌላው ትከሻዋ አዞረቻት። «ከቸገረህ ግን ውሰደው። እናቶቹ ሌላ ቦታ እስኪያገኙ አሥር ቀን ብቻ ስጠኝ።»

ብትጮህብኝ ጮኼ እመልስላት ነበር፤ እሱን እችልበታለሁ። በራሴ ላይ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም።

«መዋያውን ነገ ጠዋት የሚጠብቅልሽ ሰው ፈልጊ» ብያት ወጣሁ።

በማግስቱ ሁለት ምስክር ይዘን ከመሥሪያ ቤቱ መስኮት ፊት ቆምን። ለማሽኖቼ አሁንም ቦታ የለኝም። ሹሟ መታወቂያችንን አይታ፣ ሰነዱን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችልን። ከዚያ ሁሉንም እንደምትጠይቀው ጠየቀችኝ።

«በነጻ ፈቃድዎ ነው? ያስገደደዎት የለም?»

«ማንም የለም» አልኩ።

እህቴ ክንዴን ያዝ አድርጋ «አምና ነው እኮ የሰጠኝ» አለቻት።

«የለም» አልኩ እስክሪብቶውን እያነሳሁ፣ «ዛሬ ነው የምሰጣት።»