ኖዝል የሚነፋው ሰው

ፋዲላ አዳማ ከተማ ባለው ቢሮዋ ቁጭ ብላ የበራሪ ወረቀት ረቂቋን አፍጥጣ ታያለች። በራሪ ወረቀቱ መቂ ላይ ሽንኩርት ላይ ፀረ ተባይ ለሚረጩ የቀን ሠራተኞች ነው። መድኃኒቱ የሚወጣበት የመርጫው ጫፍ፣ ኖዝሉ፣ ሲደፈንባቸው መርዙ እንዳለበት በአፋቸው ይነፉታል፤ ልፋቱ ሁሉ ይህን እንዲተዉ ነው። እሷም ኖዝል የሚነፋ ሰው ሥላ በቀይ መስመር ሰርዛዋለች።

የሰብል ባለሙያዋ ጂቱ «ሥዕሉ ትልቅ ይሁን፣ ያስደንግጣቸው» ብላ ጻፈችላት። ሥራ አስኪያጁ አቶ ነጋሳ ደግሞ «ይውጣ፣ ሠራተኞቹን ያዋርዳል» አሉ።

ሁለቱንም ላለማስቀየም ሥዕሉን መካከለኛ አደረገችው። ወዲያው በራሷ ተናደደች። መካከለኛ ሥዕል የሚጠቅመው ለእሷ ብቻ ነው! ማን ነው የሚያየው? ብዙዎቹ ማንበብ አይችሉም። ዓይናቸው የሚያርፈው ሰውየው በሚያደርገው ላይ ነው፤ ቀዩን መስመር ማን ልብ ይለዋል? እንዲነፉ እያስተማረቻቸው ነበር።

ሥዕሉን አወጣችው። በቦታው ጓንት አጥልቆ ኖዝሉን በውኃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ የሚያጥብ ሰው አስገባች። ለጂቱ ምክንያቷን ደውላ ነገረቻት።

አቶ ነጋሳ ፈገግ ብለው «አስተያየቴን ስለተቀበልሽ አመሰግናለሁ» አሏት።

«አስተያየትዎን ተቀብያለሁ፤ ምክንያትዎን ግን አልተቀበልኩም» አለችና ወረቀቱን ወደ ማተሚያ ቤት ላከችው።