ያልተለካው ዜሮ

ሀዊ ሁለት ዓመት የደከመችበት የማስተርስ ጥናት በአንድ ቁጥር ላይ ቆሞ ነበር፤ ቁጥሩም ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ነው። ድሬዳዋ አጠገብ በሐርላ ከሚበቅል እሬት ያወጣችው ነጭ ዱቄት በሞል ይህን ያህል ግራም ይመዝናል፣ ስለዚህ ለመድኃኒት የሚመች ትንሽ ሞለኪውል ነው ብላ ጽፋለች። ዐሥር ግራሙን በአንድ ኪሎ ውሃ አሟሙታ ብታቀዘቅዘው፣ ከዜሮ በታች በ0.02 ዲግሪ በረዶ መሥራት ጀምሮላት ነበርና። የቀራት ነገ ፈታኞች ፊት መቆም ብቻ ነው። ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ያገኘችው ፈቃድም በሰኔ ማብቂያ ያልቃል፤ አይታደስም።

አማካሪዋ ዶክተር ሳላሕ ውጤቱን በሁለተኛ መንገድ እንድታጸና አዘው ስለነበር፣ ዱቄቱ የሟሟበትን ያንኑ ሙሙት ከስስ ሽፋን ወዲህ፣ ያንኑ ውሃ ብቻውን ከሽፋኑ ወዲያ አድርጋ ሦስት ቀን ጠበቀች። ቁጥሯ እውነት ቢሆን፣ ሽፋኑን አልፎ የሚገባው ውሃ ሙሙቱን በላዩ በተተከለው ቀጭን ቱቦ ወደ ሦስት ሜትር ሽቅብ በገፋው ነበር። የወጣው አምስት ሳንቲሜትር ነው። በዚህ ስሌት የሞሉ ክብደት ሃምሳ ሺህ ግራም ይሆናል።

ሽፋኑ ዱቄቱን አሾልኮት ይሆናል ስትል ለቤተ ሙከራው ባለሙያ ለጋሽ ይሳቅ ነገረቻቸው። ሰውየው ጡረታ ሊወጡ ስምንት ወር ቀርቷቸዋል።

«አቦ ሀዊዬ፣ ሽፋኑን በከንቱ አትሚው። ውሃውን ብቻውን አቀዝቅዘሽ አይተሻል?»

አላየችም። ንጹሕ ውሃ በዜሮ እንደሚረጋ መጽሐፉ ስለሚናገር፣ ዜሮውን ከመጽሐፍ ወስዳ ነበር። ጋሽ ይሳቅ አቀርቅረው እውነቱን አወጡ። ማጣሪያ ማሽኑን የድሬ ውሃ ኖራ ከጥር ጀምሮ ዘግቶታል፤ እሳቸውም «የተጣራ ውሃ» የሚለውን ወረቀት ሳይልጡ ጀሪካኑን ከቧንቧ ሲሞሉ ከርመዋል።

ውሃውን ብቻውን አቀዘቀዘችው። ከዜሮ በታች በ0.02 ዲግሪ ረጋ።

ቅዝቃዜ የሚቆጥረው በውሃው ውስጥ ያለውን ቅንጣት ሁሉ ነው፤ የኖራ ይሁን የእሬት አይለይም። ሽፋኑ ግን ኖራውን ስለሚያሳልፍ፣ የኖራው ግፊት በሁለቱም ወገን እኩል ሆኖ ተጣፍቷል፤ ማለፍ ያቃተው ግዙፉ የእሬት ሞለኪውል ብቻ ነው። የእሱ ድርሻ ደግሞ ከሺህ አንድ ዲግሪ እንኳ ስለማይሞላ ቴርሞሜትሯ ሊያየው አይችልም። የሁለት ዓመት ድካሟ ያረፈበት ቁጥር የቧንቧው ኖራ ነበር።

ዶክተር ሳላሕ ይህን ሰምተው የቱቦውን ገጽ አውጥታ የቅዝቃዜውን ብቻ ይዛ እንድትቀርብ መከሯት።

«ነገ ስለ ቱቦው ማን ይጠይቅሻል?»

«ማንም፤ እኔ ግን አይቼዋለሁ።»

ጥናቱን ከፈተና የምታነሣበትን ደብዳቤ እዚያው ጻፈች። ውሃው የቧንቧ እንደነበር አልደበቀችም፤ ጀሪካኑን የሞላ ማንም ቢሆን፣ አሟሚውን ውሃ ብቻውን መለካት የእርሷ ግዴታ ነበርና ጥፋቱን በራሷ ስም አሰፈረች። ዶክተር ሳላሕ ሳያዩዋት ፈረሙ። ከዚያ ቤተ ሙከራው ውስጥ የያዘችው ቁም ሣጥን ለሌላ ተማሪ ስለሚፈለግ እስከ ዓርብ እንድትለቅ ነገሯት።

ዱቄቱን ምን እንደምታደርገው ጠየቀች።

የሚፈልገው እንደሌለ መለሱላት።