ከ«ተጨማሪ ይመልከቱ» በላይ

የባንኩ የማስታወቂያ ጸሐፊ የስድስት ወር የሙከራ ጊዜዋን ልትጨርስ አራት ቀን ቀርቷታል። ጠረጴዛዋ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከማተሚያ ማሽኑ ጎን ነው፤ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ብዕሯ እየተንከባለለ ይወድቃል። እስከ ቅርብ ጊዜ የጻፈችው ነገር ሁሉ ቢሰበሰብ አንድ የእንኳን አደረሳችሁ ፖስተርና «ማሽኑ ለጊዜው አይሠራም» የምትል ወረቀት ነበር። በመጨረሻው ወር ግን ሲሳይ ወረደላት፤ የአዲሱን የቁጠባ ሒሳብ ማስታወቂያ እንድትጽፍ ታዘዘች።

ሥራው ቀላል ይመስላል። በባንኩ ማኅበራዊ ገጽ ላይ የሚወጣ ፎቶ አለ፤ አንዲት ሴት ትስቃለች። (በባንክ ማስታወቂያ ላይ የማይስቅ ሰው ታይቶ አይታወቅም።) ጸሐፊዋ ከፎቶው ጋር የምትወጣውን ጽሑፍ ትጽፋለች። የገበያ ኃላፊዋ ጽሑፉ እንዲጣፍጥ ትፈልጋለች። የሕግ ክፍሉ ሰው ደግሞ ምንም እንዳይጎድል ይፈልጋሉ። እኚህን ሰው መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «አቶ ሆኖም» ይላቸዋል፤ በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎታቸው «ሆኖም» ያላስገቡበት ደብዳቤ የለምና። እንኳን ለልደትዎ አደረሰዎ ቢሏቸው «አመሰግናለሁ፤ ሆኖም ልደቴ ትናንት ነበር» የሚሉ ሰው ናቸው።

ጸሐፊዋ ሁለቱንም ለማስደሰት ሦስት ሳምንት ደከመች። የሒሳቡን ደንብ ከአሥራ አንድ ገጽ ወደ ዘጠኝ መስመር አወረደችው፤ አንዲት ነገር ሳትደብቅ፣ አንዲት ከባድ ቃል ሳታስገባ። ወለዱ ስንት እንደሆነ፣ በምን እንደሚታሰብ፣ መቼ እንደሚቀር፣ ግብሩ ስንት እንደሆነ፣ ሁሉም አለ። አቶ ሆኖም ሁለት ጊዜ አንብበው የሚጨምሩት አጡና ፈረሙ። ኃላፊዋም ፈረመች። ጽሑፉ በማግስቱ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ እንዲወጣ ተወሰነ። ጸሐፊዋ ከዚያ ሕንፃ የወጣችው እግሯ መሬት ሳይነካ ነው ማለት ይቻላል።

በቀጥታ የሄደችው አክስቷ የልብስ ስፌት ቤት ነው። አክስቷ ያሳደገቻት፣ ያስተማረቻት፣ ሲያስፈልግም የቆነጠጠቻት ሴት ናት። ጸሐፊዋ የጻፈችውን ነገር መጀመሪያ የምታስነብበው እሷን ነው፤ እትዬ የገባት ነገር ለሁሉም ይገባል የሚል እምነት አላት። ስለዚህ ጽሑፉ ያለበትን የሙከራ ገጽ በእትዬ ስልክ ላይ ከፈተችላት፤ እትዬም መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ ስልኩን አርቃ ያዘችና ጮክ ብላ አነበበች።

«አዲሱ የቁጠባ ሒሳባችን በዓመት ዘጠኝ ከመቶ ወለድ ይከፍላል። ገንዘብዎን በፈለጉት ቀን ማውጣት ይችላሉ።» አነበበችና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ጎሽ የኔ ልጅ፤ ግልጽ ነው። ነገ መጥቼ የሱቁን ገንዘብ በሙሉ አዛውረዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለጨርቅ ማውጣቴንም አልተው፣ ዘጠኙም አይቀርብኝ።»

ጸሐፊዋ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደረቀ። እትዬ የተናገረችው ሒሳቡ ከሚለው ተቃራኒውን ነው። ደንቡ በወር አንድ ጊዜ ብቻ ማውጣት ይፈቅዳል፤ ሁለተኛ ከወጣ የዚያ ወር ወለድ በሙሉ ይቀራል። በወር አራት ቅዳሜ የምታወጣው እትዬ ዓመቱን ሙሉ አንዲት ሳንቲም ወለድ አታይም ማለት ነው። ይኼ ደግሞ በሦስተኛው መስመር ላይ እንደ ፀሐይ ግልጽ ሆኖ ተጽፏል።

ስልኩን አንሥታ አየች። ሦስተኛው መስመር የለም። ከሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች በኋላ ሦስት ነጥብና «ተጨማሪ ይመልከቱ» የምትል ደብዛዛ ጽሑፍ ብቻ አለች። በቢሮዋ ሰፊ ስክሪን ላይ ዘጠኙም መስመር ይታይ ነበር፤ ኃላፊዋና አቶ ሆኖምም ያነበቡትና የፈረሙት በወረቀት ታትሞ ነው። ወረቀት ደግሞ «ተጨማሪ ይመልከቱ» አይልም። ስልክ ላይ ግን የሐቁ ዋናው ክፍል ከዚያች ደብዛዛ ጽሑፍ በስተጀርባ ተደብቆ ቀረ።

እትዬን ለምን አልነካሽውም ብላ ጠየቀቻት። እትዬ ደግሞ ለምን እነካዋለሁ፣ የሚያስፈልገኝን አገኘሁ እኮ አለቻት። እውነቷን ነው። ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች እውነት ናቸው፤ ወለዱም ዘጠኝ ነው፣ ገንዘቡም በፈለጉት ቀን ይወጣል። ግን ሁለቱ እውነቶች ተጋብተው ውሸት ወልደዋል።

ጸሐፊዋ ነገሩን ስትነግራት እትዬ አልተናደደችም፤ እንዲያውም ሳቀች። ጸሐፊዋ ግን አልሳቀችም። የተፈረመ ጽሑፍ ማስከፈት ማለት ኃላፊዋን አልገባዎትም ማለት ነው፤ ያውም ሥራዋ ሊጸና አራት ቀን ሲቀረው። ዝም ብትል ደግሞ ማንም አይወቅሳትም። ሁሉም ተጽፏል፣ ሁሉም ተፈርሟል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ፈራች፤ በጣም ፈራች።

«እኔ ጨርቁ ታጥቦ የሚያጥር ከሆነ» አለች እትዬ፣ መቀሷን እያነሣች፣ «መቀስ ሳላሳርፍበት ነው የምናገረው። ከተቆረጠ በኋላ የተነገረ እውነት ምን ያደርጋል? አንዳንዱ ትቶኝ ይሄዳል፤ ይሂድ። የቀረው ግን ሃያ ዓመት ይመላለሳል።»

ጸሐፊዋ ከልብስ መለኪያ ደብተሩ ላይ አንድ ገጽ ገነጠለችና ማስታወቂያውን እንደገና መጻፍ ጀመረች።

በማግስቱ ከሁሉ ቀድማ ገባች። የገበያ ኃላፊዋ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ጸሐፊዋ ያዘቻትና ጽሑፉን በገዛ ስልኳ ከፍታ እንድታየው ለመነቻት። ኃላፊዋ አየች፤ ፊቷም ጠቆረ። አዲሱን ጽሑፍ ስታነብ ደግሞ ይበልጥ ጠቆረ። እንዲህ ይላል፦

«በወር ከአንዴ በላይ ካወጡ የዚያን ወር ወለድ ያጣሉ። አንዴ ብቻ ካወጡ ወይም ምንም ካላወጡ በዓመት 9 ከመቶ ወለድ ያገኛሉ።

ወለዱ የሚታሰበው በወሩ ውስጥ በሒሳብዎ ላይ በነበረው ዝቅተኛው ገንዘብ ነው። 12,000 ብር ወሩን ሙሉ ሳይነካ ቢቀመጥ ወለዱ 90 ብር ነው፤ 4 ብር ከ50 ግብር ተቀንሶ 85 ብር ከ50 ይደርስዎታል። ከላዩ 4,000 አንዴ ቢያወጡ በቀረው 8,000 ይታሰባል፤ ከግብር በኋላ 57 ብር ያገኛሉ።

የራስዎን ገንዘብ በፈለጉት ቀን ማውጣት ይችላሉ፤ የሚቀርብዎት ወለዱ ብቻ ነው። ለመክፈት 500 ብር ይበቃል። የወለዱ መጠን ሊቀየር ይችላል፤ ከመቀየሩ 30 ቀን በፊት እንነግርዎታለን።»

ኃላፊዋ ደንበኛን ከደጃፍ የሚመልስ ማስታወቂያ በዕድሜዋ አይታ እንደማታውቅ ተናገረች። «ያጣሉ» ብሎ የሚጀምር ባንክ የት አለ? ጸሐፊዋ እየተንተባተበች የአክስቷን ነገር ነገረቻት። እንደ እትዬ ያለው ሰው በመጀመሪያው ወር መጨረሻ ወለዱን ፈልጎ ሲያጣ ቅርንጫፍ ድረስ መጥቶ እንደሚጮህ፣ ያኔ ዘጠኙ መስመር ማንንም እንደማያድን ነገረቻት። ሳይቃጠል በቅጠል ነው አለች። ኃላፊዋ ቦርሳዋን አስቀመጠች። ከዚያ ለውጡን ሕግ ክፍል ካልፈረመበት እንደማይሆን፣ አቶ ሆኖም ደግሞ አንዴ የፈረሙትን ደግመው እንደማይነኩ ተናገረች። ሰዓቱ ሦስት ተኩል ሆኗል።

አቶ ሆኖም ቢሯቸው ውስጥ ዳቦ እየበሉ ነበር። ወረቀቱን ተቀበሉ፣ አነበቡ፣ መነጽራቸውን ወልውለው እንደገና አነበቡ። ጸሐፊዋ በሩ ላይ ቆማ የመባረሪያዋን ዓረፍተ ነገር ትጠብቃለች። ሽማግሌው ግን ቀና ሲሉ ዓይናቸው ረጥቦ ነበር።

«ሃያ ሁለት ዓመት» አሉ፣ «እኔ የምጽፈው ነገር የሚቀመጠው ከግርጌ ነው፤ የጉንዳን እግር በሚያህል ፊደል። ማንም አያነበውም። የገዛ ባለቤቴ እንኳ አታነበውም። ዛሬ አንቺ መጀመሪያ መስመር ላይ አወጣሽልኝ።»

ፈረሙ። ያለ አንዳች ሆኖም ፈረሙ፤ ይኼ ወሬ እስከ ምሳ ሰዓት ሕንፃውን በሙሉ አዳረሰው። ኃላፊዋም እያመነታች ፈረመች። በአራት ሰዓት ጽሑፉ ወጣ።

የመጀመሪያው ሰዓት መራራ ነበር። በገጹ ላይ አንድም አስተያየት አልተጻፈም። ኃላፊዋ በየአምስት ደቂቃው እየመጣች ከጸሐፊዋ ትከሻ በላይ ታጮልቃለች፤ ጸሐፊዋም ጥፍሯን ትበላለች። ከዚያ አንድ ሰው «ለእኔ አይሆነኝም፣ በየሳምንቱ አወጣለሁ፤ ለእናቴ ግን ልክ ነው» ብሎ ጻፈ። ሌላው «ለመጀመሪያ ጊዜ ከባንክ የሚገባኝ ነገር ሰማሁ» አለ። አንዱ ወለዱ በዝቅተኛው ገንዘብ ይታሰባል ማለት ምን ማለት ነው ብሎ ሲጠይቅ፣ ጸሐፊዋ ጣቷን ሳታነሣ አንዲት የማታውቃት ሴት የ12,000ዋን ምሳሌ ጠቅሳ አስረዳችው። ሰዎቹ በደንቡ ላይ እርስ በርስ ይነጋገሩ ጀመር፤ ያውም በትክክል። ጸሐፊዋ ደስታዋ ከአቅሟ በላይ ሆኖ ማተሚያ ማሽኑን ደገፍ አለች።

ከምሳ በኋላ ከታች ቅርንጫፍ ስልክ ተደወለ። ሒሳብ የምትከፍተው ልጅ ነበረች። ሌላ ጊዜ አዲስ ሒሳብ ሲወጣ አንዱን ደንበኛ ለማስረዳት ሃያ ደቂቃ ይፈጅባት ነበር፤ ዛሬ የሚመጡት ሰዎች በወር አንዴ ብቻ እንደሚያወጡ ራሳቸው እየነገሯት ይቀመጣሉ። ሠላሳ አንድ ከፍታለች። ሁለት ሰዎች ብቻ ሊከፍቱ መጥተው ለእኛ አይሆንም ብለው ሄደዋል፤ እነሱም አመስግነው ነው የሄዱት።

በአራተኛው ቀን ኃላፊዋ ጸሐፊዋን ቢሮዋ አስጠራቻት። ጸሐፊዋ ገብታ ቆመች። ይህች ሴት ሰው ስታናግር ሁልጊዜ ከጣፋጩ ትጀምራለች፤ መራራውን በሩ ሊዘጋ ሲል ነው የምትሰድደው። ዛሬ ግን ፊቷን አኮሳተረች።

«ከባዱን ላስቀድምልሽ» አለች። «ደመወዝሽ እስከ አዲሱ በጀት ዓመት አይጨምርም። ጠረጴዛሽ እዚያው ማሽኑ ጋ ነው፤ ሌላ ቦታ የለንም። ከነገ ጀምሮ ደግሞ የባንኩን የቆዩ ማስታወቂያዎች በሙሉ እንደገና ትጽፊያለሽ፤ የብድሮቹንም ጭምር።»

ጸሐፊዋ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች።

«ይኼን ሰምተሽ ከተስማማሽ» አለች ኃላፊዋ፣ ሁለት ገጽ ወረቀት ወደ እሷ እየገፋች፣ «ከዛሬ ጀምሮ ቋሚ ሠራተኛ ነሽ።»

ጸሐፊዋ ብዕሩን ወዲያው አነሣች። ኃላፊዋ ወረቀቱን በእጇ ሸፈነችባትና መጀመሪያ አንብቢው አለቻት። እሷም ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ሁለቱንም ገጽ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው፣ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች አነበበች፤ ከዚያ ፈረመች።